መቺና በረኛ፦ የፍጹም ቅጣት ምት ሒሳብ

ፍጹም ቅጣት ምት ሁለት ሰዎች ብቻ የሚፋጠጡበት ጨዋታ ነው። ኳሱ ከግቡ መስመር 11 ሜትር ላይ ይቀመጣል፤ ጠንከር ብሎ ከተመታ ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ መረቡ ላይ ይደርሳል። በረኛው የኳሱን አቅጣጫ አይቶ ልዝለል ቢል አይደርስበትም፤ ስለዚህ ሁለቱም ከሞላ ጎደል በአንድ ጊዜ፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ሳያውቅ ይወስናሉ። መቺው ያገኘውን ያህል በረኛው ያጣል፤ ሁለቱም በጋራ የሚጠቀሙበት ውጤት የለም። የሒሳብ ሰዎች እንዲህ ያለውን ፍልሚያ የዜሮ ድምር ጨዋታ ይሉታል፤ የአንዱ ትርፍና የሌላው ኪሳራ ሲደመሩ ዜሮ ይሆናሉና።

ጨዋታውን በሰንጠረዥ ማስፈር ይቻላል። ኢኮኖሚስቱ ኢግናሲዮ ፓላሲዮስ-ሁዌርታ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2003 ባሳተመው ጥናት፣ ከ1995 እስከ 2000 ድረስ በተደረጉ የፕሮፌሽናል ጨዋታዎች የተመቱ 1,417 ፍጹም ቅጣት ምቶችን መርምሯል። እያንዳንዱ መቺ ኳስ ለመላክ የሚቀልለው አንድ ጎን አለው፤ በቀኝ እግሩ ለሚመታ ሰው ይህ ጎን የራሱ ግራ ነው። እዚህ «ምቹ ጎን» ይባል፤ ሌላው ደግሞ «ተቃራኒ ጎን»። ጥናቱ ያገኛቸው ቁጥሮች ነጥብ ያላቸው ናቸው፤ ወደ ሙሉ ቁጥር ሲጠጋጉ፣ ከመቶ ምት ስንቱ ጎል እንደሚሆን የሚያሳየው ሰንጠረዥ ይህን ይመስላል፦

| | በረኛው ወደ ተቃራኒ ጎን ሲዘል | በረኛው ወደ ምቹ ጎን ሲዘል |
|---|---|---|
| መቺው ወደ ተቃራኒ ጎን | 58 | 95 |
| መቺው ወደ ምቹ ጎን | 93 | 70 |

በረኛው በትክክል ገምቶ ቢዘልም እንኳ ከመቶው 58 ወይም 70 ጎል ይሆናል። የበረኛ ሥራ ምን ያህል ፈታኝ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር ቁጥር አይገኝም።

መቺው ሁልጊዜ ወደ ምቹ ጎኑ ቢመታ በረኞች ይነቁበታል፤ ሁልጊዜ ወደዚያው ይዘሉና የጎሉ ዕድል 70 ላይ ይቆማል። ሁልጊዜ ወደ ተቃራኒው ቢመታ ይብስበታል፤ ወደ 58 ይወርዳል። ያለው አማራጭ ሁለቱን መቀላቀል ነው፤ ነገር ግን ድርሻውን ማወቅ አለበት። ወደ ተቃራኒ ጎን የሚመታበት ድርሻ x፣ ወደ ምቹ ጎን የሚመታበት y ቢባል፣ በረኛው ወደ ተቃራኒ ጎን ሲዘል የጎሉ ዕድል 58x + 93y ይሆናል፤ ወደ ምቹ ጎን ሲዘል ደግሞ 95x + 70y። ከሁለቱ አንዱ ዝቅ ካለ በረኛው የሚመርጠው እሱን ነው። ስለዚህ መቺው ሁለቱ እኩል የሚሆኑበትን ድርሻ ይፈልጋል። እኩልታው ሲፈታ x ከ60 እጅ 23ቱ፣ ማለትም 38 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ y ደግሞ 62 በመቶ። የጎሉ ዕድል 79.6 ነው፤ በረኛው ወዴትም ቢዘል ከዚያ ሊያወርደው አይችልም። በበረኛው በኩል ተመሳሳይ ስሌት ሲሠራ፣ ወደ ተቃራኒ ጎን 42 በመቶ፣ ወደ ምቹ ጎን 58 በመቶ መዝለል አለበት። እንዲህ ካደረገ መቺው ምንም ቢያደርግ ከ79.6 አያልፍም።

ይህ ስሌት አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይዟል። መቺው በልምምድ ብዛት ወደ ተቃራኒ ጎን የሚልከውን ኳስ አሻሻለ እንበል፤ በረኛው ተሳስቶ በሌላው በኩል ሲዘል ቀድሞ 95 የነበረው አሁን 99 ሆነ። ይህን ጎን አዘውትሮ ይጠቀምበታል ብሎ መገመት ይቀናል፤ ስሌቱ ግን ድርሻው ከ38 ወደ 36 በመቶ መቀነስ አለበት ይላል። ምክንያቱም የመቺው ድርሻ የሚወሰነው መቺው በሚወደው ምት ሳይሆን በረኛውን በሚያማታው ሚዛን ነው። በረኛው አዲሱን አደጋ ፈርቶ ወደ ተቃራኒ ጎን መዝለሉን ከ42 ወደ 45 በመቶ ያሳድጋል፤ የመቺውም ጥቅም የሚመጣው በረኛው በዚህ የተነሳ ምቹውን ጎን ባላላ መጠን ነው። የጎሉ ዕድል በአጠቃላይ ወደ 80.4 ከፍ ይላል።

ሁለት በሁለት የሆነ ሰንጠረዥ በእርሳስና በወረቀት ይፈታል። ምርጫዎቹ ሲበዙ ግን ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ያስፈልጋል። ይህ ዘዴ በቀጥተኛ እኩልታዎችና ኢ-እኩልታዎች የታጠረ ችግር ውስጥ ትልቁን ወይም ትንሹን ዋጋ ይፈልጋል። ጨዋታውን ወደዚህ ቅርጽ የሚያመጣው ሐሳብ፣ መቺው በረኛው ምንም ቢመርጥ ቢያንስ አገኘዋለሁ የሚለው ዋጋ ነው። ይህ ዋጋ v ይባል። የሚፈለገው v በተቻለ መጠን እንዲያድግ ነው፤ የሚታጠረውም በእነዚህ ነው፦

```
58x + 93y ≥ v
95x + 70y ≥ v
x + y = 1,   x ≥ 0,   y ≥ 0
```

ምልክቶቹ «እኩል ነው» ሳይሆኑ «ያንሳል አይባልም» የሚሉ መሆናቸው ትልቅ ጉዳይ ነው። ሦስተኛ ምርጫ ሲጨመር ይህ ይታያል። መቺው መሐል ለመሐል ሊመታ፣ በረኛውም ሳይዘል ሊቆም ይችላል። ለማሳያነት ብቻ የሚከተሉት ቁጥሮች ይወሰዱ፦ በረኛው ቆሞ መቺው ወደ ጎን ከመታ 95፣ በረኛው ዘሎ ኳሷ መሐል ከገባች 85፣ ሁለቱም መሐልን ከመረጡ 10። የሊኒየር ፕሮግራሙ መልስ እንዲህ ይሆናል፦ መቺው ወደ ተቃራኒ ጎን 32፣ መሐል 17፣ ወደ ምቹ ጎን 51 በመቶ፤ በረኛው 39፣ 6 እና 55 በመቶ። የጎሉ ዕድል 80.5 ነው። በረኛው መሐል የሚቆመው ከመቶ ስድስት ጊዜ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ መቺው ግን መሐሉን ከስድስት ምት በአንዱ ይጠቀምበታል።

አሁን 85 የነበረው 75 ቢሆንስ? እኩል የማድረጉን ዘዴ በሦስቱም ምርጫዎች ላይ በጭፍን የሚሠራ ሰው፣ በረኛው መሐል የሚቆምበት ድርሻ ከዜሮ በታች፣ ወደ 6 በመቶ ገደማ ሲቀነስ ያገኘዋል። ከዜሮ በታች የሆነ ድርሻ ትርጉም የለውም፤ ለእኩልታው ግን ምንም አይከብደው። ይህ ምልክት ሲታይ፣ አንደኛው ምርጫ ለመልሱ እንደማይፈለግ መረዳት ያስፈልጋል። ሊኒየር ፕሮግራሙ ድርሻዎች ከዜሮ አይውረዱ የሚል አጥር ስላለው መሐሉን ለሁለቱም ዜሮ አድርጎ ወደ መጀመሪያው 79.6 ይመልሰዋል። መሐል የመታ ሰው የሚያገኘው 75 ብቻ ነው፤ ጎን ለጎን ሲመታ ግን 79.6 አለለት። የማይጠቅሙትን ምርጫዎች አንድ በአንድ እየጣሉ መሞከር ሰንጠረዡ ሲሰፋ የማይቻል ሥራ ይሆናል፤ ዘዴው የሚያድነው ከዚህ ነው።

በኮምፒውተር ላይ ባለሦስት ምርጫው ጨዋታ በጥቂት መስመር ይፈታል፦

```python
import numpy as np
from scipy.optimize import linprog
A = np.array([[58, 95, 95],
              [85, 10, 85],
              [93, 95, 70]])
r = linprog([0, 0, 0, -1],
            A_ub=np.hstack([-A.T, np.ones((3, 1))]),
            b_ub=np.zeros(3),
            A_eq=[[1, 1, 1, 0]], b_eq=[1],
            bounds=[(0, None)]*3 + [(None, None)])
print(r.x)
```

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች የመቺው ድርሻ፣ አራተኛው የጎሉ ዕድል ነው። `linprog` የሚያውቀው ማሳነስን ብቻ ስለሆነ v በመቀነስ ምልክት ገብቷል። እዚህ ሁለት ስህተቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው `A.T` በሚለው ፈንታ `A` መጻፍ ነው፤ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ሳያጉረመርም የሌላ ጨዋታ መልስ ይሰጣል። ሁለተኛው `bounds` የሚለውን ጨርሶ መተው ነው፤ ፕሮግራሙ ካልተነገረው በቀር v ከዜሮ በታች አይሆንም ብሎ ያስባል፤ ኪሳራ በመቀነስ ምልክት ተጽፎ የጨዋታው ዋጋ ከዜሮ በታች ሲሆን ታዲያ መልስ የለም ይላል። መልሱን መፈተኛው ቀላል ነው፤ የመቺውን ድርሻ በእያንዳንዱ የሰንጠረዥ ዓምድ ማባዛትና ከሚገኙት ቁጥሮች ትንሹ v መሆኑን ማየት።

የበረኛው ድርሻ ለብቻው መፈታት አያስፈልገውም። እያንዳንዱ ሊኒየር ፕሮግራም ጥንድ አለው፤ የመቺው ችግር ጥንድ የበረኛው ችግር ነው፤ አንዱ ሲፈታ የሌላው መልስ አብሮ ይወጣል። ከላይ ባለው ኮድ `-r.ineqlin.marginals` ብሎ መጠየቅ 39፣ 6 እና 55 በመቶ የሚለውን ይሰጣል። ሁለቱ ችግሮች አንድ ዋጋ ላይ እንደሚገናኙ ለጨዋታዎች ያረጋገጠው ጆን ፎን ኖይማን ነው፤ ዓመቱ 1928 ነበር፤ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ገና አልነበረም። ጆርጅ ዳንትዚግ ሲምፕሌክስ የተባለውን የመፍቻ ዘዴ ባወጣበት በ1947 ፎን ኖይማንን ለማማከር ወደ ፕሪንስተን ሄደ። ፎን ኖይማን ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር የጻፈው የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበርና፣ የዳንትዚግ ችግርና የራሱ ጨዋታ አንድ መሠረት እንዳላቸው ቶሎ ገባው፤ የጥንዱንም ሐሳብ እዚያው አስረዳው።

ሜዳ ላይ ያሉት ተጫዋቾች ይህን ሒሳብ አልተማሩም። ሆኖም በፓላሲዮስ-ሁዌርታ መረጃ መቺዎች ወደ ተቃራኒ ጎን የመቱት 40 በመቶ ገደማ ነው፤ ስሌቱ የሚለው 38.5 ነበር። በረኞች ወደዚያ የዘለሉት 42.3 በመቶ፤ ስሌቱ 42.0። ከድርሻው ሌላ ቅደም ተከተሉም ይመረመራል። ድርሻው ትክክል ሆኖ ሁልጊዜ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ የሚመታ ሰው ሦስተኛው ምት ላይ ይነቃበታል፤ ስለዚህ ያለፈው ምት የሚቀጥለውን መጠቆም የለበትም። ሰዎች በላቦራቶሪ ሲፈተኑ ግን ማፈራረቅ ያበዛሉ፤ ጥናቱ የመረመራቸው ተጫዋቾች እንዲህ ያለ ልማድ አልታየባቸውም።

ሰንጠረዡ ግን የብዙ ሰዎች አማካይ ነው። አንድ የተወሰነ መቺ የራሱ ቁጥሮች አሉት፤ በዓመት ጥቂት ፍጹም ቅጣት ምት ብቻ ለሚመታ ተጫዋች እነዚያን ቁጥሮች በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። ከሃያ ምት አሥራ ስድስቱን ያስቆጠረ ሰው እውነተኛ ዕድሉ 65ም 90ም ሊሆን ይችላል፤ ሊኒየር ፕሮግራሙ የተሰጠውን ሰንጠረዥ አምኖ እስከ ነጥቡ ድረስ የጠራ መልስ ሲሰጥ፣ ያ ጥራት የስሌቱ እንጂ የመረጃው አይደለም።