የናዝሬት ቁጥር ስንት ነው?

ስም ሁሉ የራሱ ቁጥር አለው፤ ሁለት ቆጣሪዎች የተለያየ ቁጥር ካወጡ አንዱ ተሳስቷል ይባላል። ይህን አምኖ በልጁ ስም የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ላይ አንድ A የሚጨምር ወላጅ አለ። በኋላ የልደት ምስክር ወረቀቱና ፓስፖርቱ አልገጥም ሲሉ የሚንከራተተው ልጁ ነው። ለዚህ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች ያናድዱኛል።

የከተማችንን የቀድሞ ስም እንቁጠር፦ NAZRET። በፓይታጎራስ ሠንጠረዥ N 5፣ A 1፣ Z 8፣ R 9፣ E 5፣ T 2 ነው። ድምሩ 30፣ ሲጠቀለል 3 ይሆናል። በከለዳውያኑ ሠንጠረዥ ግን Z 7፣ R 2፣ T 4 ስለሆኑ ድምሩ 24፣ ሲጠቀለል 6 ነው። ማንም በስሌት አልተሳሳተም። የተለያየው ሠንጠረዡ ነው።

የመጀመሪያው ፊደሎቹን በተራቸው ከ1 እስከ 9 ይሰጣል፤ ዘጠኝ ሲሞላ እንደገና ከ1 ይጀምራል። R አሥራ ስምንተኛ ስለሆነ 9 ደረሰው። ሁለተኛው የእንግሊዝኛን ተራ አይከተልም። ቁጥሮቹ በአመዛኙ ዜሮአቸው ከተነሣ የዕብራይስጥ ፊደላት ዋጋ ጋር ይገጥማሉ፦ ሬስ 200 ነው፣ R 2 ሆነ፤ ታው 400 ነው፣ T 4 ሆነ። እነዚህን ስሞች መዝሙረ ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቃቸዋል።

በዚህ ሠንጠረዥ 9 የተሰጠው ፊደል የለም። «ቅዱስ ስለሆነ ነው» ይላሉ። እኔ የማየው ምክንያት ሌላ ነው። በዕብራይስጥ 9 ጤት፣ 90 ጻዴ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ለጠም ሆነ ለጸ ራሱን የቻለ ፊደል የለውም። ስለዚህ ጥላሁንም ታደሰም በአንድ T ይቆጠራሉ።

«ADAMA በሁለቱም 11 ይመጣል፣ ይህ ማረጋገጫ ነው» የሚልም ሰምቻለሁ። A፣ D እና M በሁለቱም ሠንጠረዦች አንድ ዓይነት ዋጋ ስላላቸው ብቻ ነው የገጠመው። ያንኑ ከተማ በአፋን ኦሮሞ ADAAMAA ብለው ሲጽፉት 13 ይሆናል፣ ሲጠቀለል 4። የተለወጠው አጻጻፉ ነው እንጂ ከተማው አይደለም።

ፊደልን በቁጥር ማስላት በራሱ እውነተኛና ጥንታዊ ልማድ ነው፤ የግእዝ ቁጥሮች ራሳቸው ከግሪክ ፊደላት የመጡ ናቸው። ነገር ግን J፣ U እና W በፓይታጎራስ ዘመን አልነበሩም፤ ከለዳውያንም በሃያ ስድስት ፊደል አልጻፉም። የከለዳውያን የሚባለውን ቆጠራ በሰፊው ያሰራጨው ኪሮ በሚል ስም የሚታወቀው አየርላንዳዊ መዳፍ አንባቢ ነው፤ የቁጥር መጽሐፉ በ1926 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ቆጣሪ ቢያጋጥምዎት R ስንት እንደሆነ ይጠይቁት። 9 ካለ የፓይታጎራስን፣ 2 ካለ የከለዳውያኑን ይዟል። ቀጥለው በሌላኛው ሠንጠረዥ ያንኑ ስም እንዲቆጥርልዎት ያድርጉ።