ለአንድ ቡና ገዢ ድርጅት ብዙ ሰው ሲጽፍ

በውጭ አገር ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ድርጅት ከኢትዮጵያ ላኪ ቡና ሲገዛ ውሳኔው በአንድ ሰው እጅ አያልቅም። የግዢ ኃላፊው ዋጋውን፣ መጠኑንና የሚጫንበትን ወር ይጠይቃል። ቀማሿ ናሙናውን ቆልታ ትቀምሳለች፣ እርጥበቱን ትለካለች፣ እንከኑን ትለቅማለች። የሰነድ ሠራተኛዋ ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ የሚያሳይ ማስረጃ ትፈልጋለች። ከእነዚህ በላይ ደግሞ ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ አለ። ላኪው ጋም እንዲሁ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የኤክስፖርት ኃላፊዋ፣ ቀማሹና የሰነድ ሠራተኛው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰው ያውቃሉ፤ በኢሜይልም በዋትስአፕም ይጻጻፋሉ።

ይህ በራሱ ጥሩ ነው። በአንድ ሰው ትውውቅ ላይ ብቻ የቆመ ሽያጭ ያ ሰው ሥራ ሲለቅ አብሮ ይሄዳል። ችግሩ የሚመጣው ከላኪው ቢሮ በየፊናቸው የወጡት መልእክቶች ገዢው ዘንድ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ነው። ጸሐፊዎቹ እርስ በርስ አልተነጋገሩ ይሆናል፤ ተቀባዮቹ ግን ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት።

ግጭቱ እንዴት እንደሚፈጠር በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ላኪው 320 ጆንያ የታጠበ የጉጂ ቡና፣ ደረጃ 1፣ አለው እንበል። ጆንያው 60 ኪሎ ስለሚይዝ ክብደቱ 19,200 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የሚሞላ ነው። ሰኞ የኤክስፖርት ኃላፊዋ ሐምቡርግ ላለው የግዢ ኃላፊ በፓውንድ 4 ዶላር ከ20 ሳንቲም፣ ጅቡቲ ወደብ መርከብ ላይ ተጭኖ፣ ብላ ጻፈች። ማክሰኞ ሥራ አስኪያጁ ከገዢው ድርጅት ባለቤት ጋር በዋትስአፕ ሲጨዋወት «ለወዳጅነታችን መጀመሪያ በ4 ከ10 እንጨርሰዋለን» አለ። በዚያው ቀን ቀማሹ ናሙናውን በፈጣን መልእክት ላከ፤ በከረጢቱ ላይ የጻፈው የእጥበት ጣቢያውን ስም ነው። ረቡዕ የሰነድ ሠራተኛው የማሳዎቹን ዝርዝር ሲልክ ቡናውን በመጋዘን ቁጥሩ ጠራው፤ 70 ጆንያ ለሌላ ደንበኛ ስለተያዘም መጠኑን 250 አደረገው።

ሐሙስ ገዢዎቹ ስብሰባ ተቀመጡ። ፊታቸው ያለው ሁለት ዋጋ፣ ሁለት መጠን፣ እንዲሁም አንድ ይሁን ሁለት ያልታወቀ ቡና ነው። ከዋጋው ዝቅተኛውን መያዛቸው አይቀርም። 19,200 ኪሎ ወደ 42,300 ፓውንድ ስለሚሆን፣ በፓውንድ የጠፋችው 10 ሳንቲም ለላኪው ከ4,200 ዶላር በላይ ነች። ይህ ኪሳራ ግን ቀላሉ ነው። ቀማሿ የቀመሰችው ናሙና ከሚሸጠው ቡና ለመቀዳቱ ማረጋገጫ ስታጣ፣ ቡናው የቱንም ያህል ቢጣፍጣት ፊርማዋን አታኖርም።

እዚህ ላይ ከአራቱ ላኪዎች የዋሸ የለም። መጠኑ በተጻፈበት ቀን ትክክል ነበር፤ ሁለቱም ዋጋዎች ዋጋ ለመስጠት ሥልጣን ካለው ሰው የወጡ ናቸው፤ ሦስቱም ስሞች የአንድ ቡና ስሞች ናቸው። ስለዚህ ሠራተኞቹን «ተጠንቀቁ» ብሎ መምከር ብዙም አይፈይድም። የጎደላቸው ከመጻፋቸው በፊት የሚያዩት አንድ ገጽ ነው።

ይህ ገጽ ለእያንዳንዱ ሎት አንድ ሆኖ፣ በቢሮው ባሉ ሁሉ የሚታይ ተራ ሰንጠረዥ ቢሆን በቂ ነው። መጀመሪያው ላይ የማይለወጥ የሎት ቁጥር ይሰፍራል፤ ኢሜይሉ «ጉዳዩ» ላይ፣ ናሙናው ከረጢት ላይ፣ የማሳ ዝርዝሩም ራስጌ ላይ የሚጻፈው ይኸው ቁጥር ብቻ ነው። ቀጥሎ ያልተሸጠው የጆንያ ብዛት፣ ከዚያም አንድ ዋጋ ይመጣል። ዋጋው አጠገብ ማን እንደፈቀደውና እስከ መቼ እንደሚጸና ይጻፋል። የቡና ዋጋ ከኒውዮርክ ገበያ ጋር በየቀኑ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ማብቂያ ቀን ያልተጻፈበት ዋጋ ከሳምንት በኋላ ከአዲሱ ዋጋ ጋር መጋጨቱ አይቀርም። ሥራ አስኪያጁ ዋጋ መቀነስ ይችላል፤ ግን ሰንጠረዡን ሳያስተካክል ለማንም ቃል አይገባም። በወሬ መሃል የተጣለ ዋጋ ሌላም ጣጣ አለው፤ የቡና የውጭ ሽያጭ ውል በኢትዮጵያ መንግሥት ዘንድ የሚመዘገብ በመሆኑ በጨዋታ የተነገረው ቁጥር ሊመዘገብ ከሚችለው ጋር ሳይገጥም ሊቀር ይችላል።

ከልኬት የሚመጡ ቁጥሮች ለየት ያለ አያያዝ ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ላይ ጥር ውስጥ 10.8 በመቶ የተለካ እርጥበት መጋቢት ላይ ወይም በሌላ መሣሪያ 11.4 ሊሆን ይችላል። የቅምሻ ነጥብም ከአንዱ ቀማሽ ወደ ሌላው በአንድ ነጥብ ገደማ ቢለያይ ማንም አይገረምም። ሁለቱን ቁጥሮች ያለ ቀን መላክ ግን ቅራኔ ያስመስላቸዋል። «ናሙና ቁጥር ይህ፣ በዚህ ቀን የተለካ» የሚል ሐረግ ሲጨመርበት ገዢው ልዩነቱን ራሱ ይረዳዋል። ለማሳመር ሲባል ሁሉንም ወደ አንድ ቁጥር ማጠጋጋት ግን ደግ አይደለም፤ የገዢው ቀማሽ እንደሆነች ራሷ መለካቷ አይቀርም።

ሁለተኛው ገጽ የሰዎች ነው። በገዢው ድርጅት ያለ እያንዳንዱ ሰው ከላኪው ወገን አንድ ባለጉዳይ ይኖረዋል፤ መጨረሻ ምን እንደተጻፈለት፣ ምን ቃል እንደተገባለትና መልስ የሚጠበቀው መቼ እንደሆነ ከስሙ ትይዩ ይሰፍራል። ቀማሿ ለቀማሹ የዋጋ ጥያቄ ብትልክ ቀማሹ አይገምትም፤ ጥያቄውን ለኤክስፖርት ኃላፊዋ ያስተላልፋል፣ ለጠያቂዋም ማን እንደሚመልስላት ይነግራታል። ጥያቄ ተቀብሎ ዝም ማለት ግን አይገባም። መልስ ያጣ ሰው ያንኑ ጥያቄ ለሌላ ያቀርባል፤ ሁለት የተለያየ መልስ የሚወጣውም በዚህ በኩል ነው።

መልእክቶቹ ቅደም ተከተል አላቸው። መነሻው የግዢ ኃላፊው ነው፤ ቡናውን ለማየት ፈቃደኛ ሳይሆን ናሙና ላቦራቶሪው ቢደርስ ማንም ያልጠየቀው ከረጢት ሆኖ ጥግ ይቀመጣል። እሱ እሺ ሲል ናሙናው ይላካል፤ ቀማሹም ለቀማሿ የሎት ቁጥሩንና የመላኪያ ቁጥሩን የያዘ አጭር ደብዳቤ ይጽፋል። እዚህ ደብዳቤ ላይ ዋጋ መግባት የለበትም። ብዙ ላቦራቶሪዎች የቡናውን ማንነት ሸፍነው ነው የሚቀምሱት፤ ዋጋውን አስቀድሞ ማወቅ ምላስን ያደላል። ናሙናው ደርሶ፣ ተቆልቶ፣ ቢያንስ ስምንት ሰዓት አርፎ እስኪቀመስ ድረስ ለግዢ ኃላፊው «ምን አላችሁ?» የሚል ጥያቄ መደጋገም ያሰለቻል እንጂ አያፋጥንም። የጸና ዋጋ የሚሰጠው ከቅምሻው በኋላ ነው፤ በምሳሌው ላይ ሰኞ የተጻፈው ዋጋ መቸኮሉ አንዱ ጥፋት ነበር።

ሰነዱ አንዳንዴ ቀደም ማለት ይኖርበታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት ቡናው ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተጨፍጭፎ ከተገኘ መሬት አለመምጣቱ መረጋገጥ አለበት፤ ማስረጃውም የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ነው። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም ገዢዎች መረጃውን ከወዲሁ ይጠይቃሉ። የአንድ ሎት ቡና ከብዙ ገበሬዎች ስለሚሰበሰብ ዝርዝሩ ረጅም ነው። ግጭቱን በቀላሉ ለማወቅ የዝርዝሩን ማሳዎች ስፋት ከጆንያው ብዛት ጋር ማነጻጸር ይበቃል፤ ጥቂት ሄክታር ብቻ የያዘ ዝርዝር 320 ጆንያ የታጠበ ቡና አያወጣም። የገዢው የሰነድ ሠራተኛ ይህን ስሌት ታውቀዋለች፤ ላኪው አስቀድሞ ቢሠራው ይሻለዋል።

ግልባጭ በልክ ይሁን። ሁሉንም ለሁሉም መላክ አንድነት ይመስላል እንጂ የሰዎቹን ጊዜ ከመብላት አልፎ ያልተገባ ነገርም ያሾልካል። የዋጋ ድርድሩ በግዢ ኃላፊውና በኤክስፖርት ኃላፊዋ መካከል ይቆያል። ባለቤቱ በጨዋታ መሃል «የግዢ ሰዎቼ ጠንከር ይላሉ» ቢል ያ ለግዢ ኃላፊው የሚደርስ ነገር አይደለም። መጠን ሲቀየር፣ የመጫኛ ወር ሲዘገይ ወይም ናሙና በሌላ ሲተካ ግን ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቃል ሊያውቁት ይገባል።

ገና ላልተዋወቁት ድርጅት ለብዙ ሰው በአንዴ መጻፍ ጀርመን ውስጥ የሕግ ጥያቄም ያስነሳል። የአገሪቱ ያልተገባ ውድድር ሕግ የማስታወቂያ ኢሜይል ለድርጅት እንኳ ቢሆን ያለ ቅድሚያ ፈቃድ እንዲላክ አይፈቅድም። ስለዚህ የመጀመሪያው ትውውቅ በቡና ትርኢት ላይ ወይም በሚያውቃቸው ሰው በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ቀማሿን ማግኘት የሚቻለው የግዢ ኃላፊውን «ናሙናውን ለማን ልላክ?» ብሎ በመጠየቅ ነው።

መልእክቶች መጋጨታቸው ገዢው ከመናገሩ በፊት ያስታውቃል። አንድ ጊዜ የተመለሰ ጥያቄ ከሌላ ሰው ይመጣል፤ ከዚህ በፊት ያልነበረ አለቃ ግልባጭ ውስጥ ብቅ ይላል፤ በየቀኑ ይጽፍ የነበረው ቀማሽ ድንገት ዝም ይላል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሠራተኛ ለየሰውየው ማስተካከያ መላክ ከጀመረ ግጭቱ ይባዛል። ደብዳቤዎች ለጊዜው ይቁሙ፤ ሰንጠረዡ ይስተካከል፤ ከዚያ የኤክስፖርት ኃላፊዋ መልእክቱ ለደረሳቸው ሁሉ አንድ አጭር ደብዳቤ ትጻፍ። ትክክለኛው የሎት ቁጥር፣ መጠንና ዋጋ ይህ ነው፤ ቀደም ብለው የተላኩት በዚህ ተተክተዋል፤ የተላከው ናሙና የዚሁ ሎት ነው ማለት ይበቃል። ማን እንደተሳሳተ መዘርዘር አያስፈልግም። ዝቅተኛው ዋጋ ለባለቤቱ በግልጽ ቃል ተገብቶ ከሆነ ግን ላኪው አምኖ ሊቀበለው ይገባል፤ ያን ጊዜ ሰንጠረዡ ላይ የሚጻፈውም 4 ከ10 ነው።

ሰንጠረዥ የማይደርስበት አንድ ቦታ አለ። ያንኑ ሎት አውሮፓ ያለ አስመጪ ለዚያው ድርጅት አቅርቦት ሊሆን ይችላል። አስመጪው የማጓጓዣውን፣ የመጋዘኑንና የራሱን ትርፍ ስለሚጨምር ዋጋው ከላኪው ዋጋ ይበልጣል፤ የግዢ ኃላፊው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ አስመጪውን አታላይ፣ ላኪውን ደግሞ ከጀርባ የሚሸጥ አድርጎ ይቆጥራል። ላኪው ናሙና ለአስመጪ ሲሰጥ ለየትኞቹ ደንበኞች እንደሚያሳየው መጠየቅና በሰዎቹ ገጽ ላይ መመዝገብ ይችላል። ስሙ በዚያ የተመዘገበ ድርጅት ስለዚያ ሎት በቀጥታ አይጻፍለትም፤ ቢጠይቅም ወደ አስመጪው ይመራል።