ለወላጅ ስብሰባ ማን ይመጣል?

የወላጆች ስብሰባ ሲቃረብ በቴሌግራም የሚላከው ማስታወሻ ብዙ ጊዜ «ሳትቀሩ ተገኙ» ብሎ ያበቃል። ማን እንደሚመጣ አይጠይቅም። እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦

«ውድ የ4ኛ ክፍል ወላጆች፣ ቅዳሜ ኅዳር 13 ከጠዋቱ 3 ሰዓት በልጆቹ ክፍል ስብሰባ እንዳለን እናስታውሳለን። እናት፣ አባት ወይስ ሌላ ሰው እንደሚመጣ ከልጁ ስም ጋር እስከ ረቡዕ ማታ ያሳውቁን።»

«ከጠዋቱ» የሚለው መቅረት የለበትም፤ በፈረንጆቹ ሰዓት የሚሠራ ወላጅ «3 ሰዓት» ሲባል ከቀኑ 9 ሰዓት ሊመስለው ይችላል።

የሚመጣውን ሰው ማወቅ ግን ከሁሉም ይበልጣል። በአዲስ አበባ ወላጅ ሥራ ላይ ሲሆን አክስት ወይም ታላቅ ወንድም ይላካል። ስሙ ቀድሞ ካልታወቀ መምህሯ ካርዱን ለማን እንደምትሰጥ፣ ስለ ልጁ ጠባይም ምን ያህል በግልጽ እንደምትናገር ትቸገራለች። ወላጁ «አክስቱ ትመጣለች፣ ካርዱን ስጧት» ብሎ ቢመልስ ነገሩ አለቀ።

ዝም ያለ ወላጅ ሁሉ ቀሪ ነው ማለት አይደለም፤ መልእክቱን ያላየም አለ። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ስልክ ይደወላል፤ ቴሌግራም ለሌለው ደግሞ ከመጀመሪያውም በመገናኛ ደብተር ተጽፎ ይላካል፣ ወላጁ የሚመጣውን ሰው ጽፎ ፈርሞ ይመልሳል።