ኩባንያ ሲገዛ፦ የአክሲዮኑ ዋጋ ለምን ይዘላል፣ ገዢውስ ለምን አብዝቶ ይከፍላል?

አንድ ኩባንያ ሌላውን መግዛት ሲፈልግ ማሳመን ያለበት ባለአክሲዮኖቹን ነው። እነሱ ደግሞ ድርሻቸውን በዕለቱ የገበያ ዋጋ መሸጥ ቢፈልጉ የገዢውን ጥያቄ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ ገዢው ከገበያው ዋጋ በላይ ጭማሪ ማቅረብ ግድ ይሆንበታል። የተገዢው ኩባንያ አክሲዮን ዜናው በተሰማበት ቀን ሽቅብ የሚዘለውም በዚሁ ጭማሪ ምክንያት ነው።

ማይክሮሶፍት ሊንክድኢንን የገዛበት መንገድ ይህን በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 2016 ዓርብ ገበያው ሲዘጋ የሊንክድኢን አንድ አክሲዮን 131 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። ሰኞ ጠዋት ማይክሮሶፍት በአክሲዮን 196 ዶላር በጥሬ ገንዘብ እንደሚከፍል አስታወቀ፤ ጠቅላላ ዋጋው 26.2 ቢሊዮን ዶላር ነበር። አክሲዮኑ ያን ዕለት 192 ዶላር ገደማ ላይ ዘጋ፤ የማይክሮሶፍት አክሲዮን ግን በመጠኑ ወረደ።

196 ዶላር እየተከፈለ ገበያው 192 ላይ የቆመው አለምክንያት አይደለም። ገንዘቡ የሚከፈለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ከፈቀዱ በኋላ ነው፤ ይህም እስከ ዲሴምበር ወሰደ። በመሃል ስምምነቱ ሊፈርስ ይችላል፤ ከፈረሰ ደግሞ አክሲዮኑ ወደ ቀድሞው ዋጋ ሊንሸራተት ይችላል። የቀረችው አራት ዶላር ገደማ የዚህ ሥጋትና የመጠበቂያው ጊዜ ዋጋ ናት። ልዩነቱ ሲሰፋ ገበያው ስምምነቱን ተጠራጥሯል ማለት ነው። የአክሲዮኑ ዋጋ ከቀረበው ክፍያ በላይ ከወጣ ደግሞ ሌላ ተጫራች ይመጣል ተብሎ ተጠብቋል።

ከገዢው በኩል ሒሳቡ ይከብዳል። 131 ዶላር ገበያው ኩባንያው ወደፊት ያገኛል ብሎ የገመተውን ትርፍ ሁሉ የያዘ ዋጋ ነው። ከዚያ በላይ የተከፈለው፣ በጠቅላላው ወደ 8.7 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ፣ መመለስ ያለበት ሁለቱ ኩባንያዎች አንድ ላይ በመሆናቸው ብቻ ከሚገኝ አዲስ ጥቅም ነው። ወጪ በመቀነስ ወይም ገበያ በማስፋት ያን ያህል ካልተገኘ፣ ጭማሪው ከገዢው ባለአክሲዮኖች ኪስ ወጥቶ ወደ ሻጮቹ ኪስ ገባ ማለት ነው። ሻጮቹ ገንዘቡን ዛሬ ይቀበላሉ፤ ለገዢው የሚቀረው ተስፋ ነው።

ይህ እየታወቀ ዋጋው የሚንረው በከፊል ከፉክክር የተነሣ ነው። ማይክሮሶፍት በመጀመሪያ በ182 ዶላር ለመደራደር ተስማምቶ ነበር፤ ተፎካካሪው ሴልስፎርስ ዋጋ ሲጨምር ወደ 196 ወጣ። የኩባንያን ትክክለኛ ዋጋ ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። አንዱ አሳንሶ፣ ሌላው አጋንኖ ይገምታል፤ በጨረታ የሚያሸንፈው ግን ሁልጊዜ አብልጦ የገመተው ነው። ይህን ወጥመድ እ.ኤ.አ. በ1971 በጽሑፍ ያስረዱት ለነዳጅ ቦታ ጨረታ ግምት ያወጡ የነበሩ መሐንዲሶች ናቸው።

ሌላው ምክንያት የአለቆች በራስ መተማመን ነው፤ በተለይ የቀድሞ ድል ያሳደገው። ክዌከር ኦትስ የተባለው የአሜሪካ የምግብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ጌቶሬድን ከነአምራቹ ገዝቶ እጅግ አተረፈ። እ.ኤ.አ. በ1994 ያንኑ ለመድገም ስናፕል የተባለውን የሻይና የጭማቂ መጠጥ በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር፦ ጌቶሬድ በሱፐርማርኬቶች ጠንካራ ነው፣ ስናፕል ደግሞ በትንንሽ ሱቆችና በምሳ ቤቶች። የስናፕል አከፋፋዮች ሱፐርማርኬቶቹን ለክዌከር ለቀው በምትኩ ጌቶሬድን ለትንንሾቹ ሱቆች እንዲያደርሱ ታሰበ። አከፋፋዮቹ ግን የክዌከር ተቀጣሪዎች አልነበሩም፤ የሽያጭ ክልላቸው በውል የተጠበቀላቸው ነጋዴዎች ነበሩ። ጥሩ ትርፍ የሚያገኙበትን ገበያ አንሰጥም አሉ። ጭማሪውን ይመልሳል የተባለው ጥቅም የተመሠረተው በእነዚህ ሰዎች ፈቃድ ላይ ሲሆን፣ ፈቃዳቸው የተጠየቀው ዋጋው ከተከፈለ በኋላ ነበር። ከጥፋቶቹ ሁሉ የከፋው ይህ ይመስላል።

የስናፕል ሽያጭ እያሽቆለቆለ ሄደ፤ አዳዲስ ተፎካካሪዎችም በረቱበት። ክዌከር እ.ኤ.አ. በ1997 ስናፕልን ትራያርክ ለተባለ ኩባንያ በ300 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። መጠጡ ግን አልሞተም ነበር። ትራያርክ ከአከፋፋዮቹ ጋር ታርቆ ሽያጩን አነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ከሌሎች መጠጦቹ ጋር አድርጎ፣ ዕዳውን ጨምሮ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ለካድበሪ ሽዌፕስ አስተላለፈው።