የልብ ድካም፦ ማካካሻው ራሱ ሸክም ሲሆን

የልብ ድካም የሚባለው ልብ ለሰውነት የሚበቃ ደም መርጨት ሲያቅተው፣ ወይም የሚበቃውን የሚረጨው በውስጡ ከልክ ያለፈ ግፊት ተሸክሞ ሲሆን ነው። የአንድ ጤናማ አዋቂ ልብ የግራው የታችኛው ክፍል ከመኮማተሩ በፊት 120 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይይዛል። ከዚህ ውስጥ 70 ሚሊ ሊትር ገደማውን በአንድ ምት አኦርታ ወደሚባለው ትልቁ ደም ቅዳ ይረጫል። በደቂቃ 70 ጊዜ ሲመታ 5 ሊትር ያህል ደም አሰራጨ ማለት ነው።

በአንድ ምት የሚወጣውን የደም መጠን ሦስት ነገሮች ይወስኑታል። የመጀመሪያው ፕሪሎድ ነው፤ የልብ ጡንቻ ከመኮማተሩ በፊት በሞላው ደም የተለጠጠበት መጠን። ጡንቻው በተለጠጠ ቁጥር በበለጠ ኃይል ይኮማተራል፤ ይህም የፍራንክ ስታርሊንግ ሕግ ይባላል። ሁለተኛው አፍተርሎድ ሲሆን፣ ልብ ደሙን ለማስወጣት የሚታገለው ሸክም ነው። ይህ ሸክም በደም ግፊት ብቻ አይለካም። የልብ ክፍሉ ሲሰፋ በግድግዳው ላይ ያለው ውጥረት ይጨምራል፤ ግድግዳው ሲወፍር ደግሞ ይቀንሳል። ሦስተኛው የጡንቻው የራሱ የመኮማተር አቅም ነው።

ደም ግፊቱ ለዓመታት ሳይታከም የቆየ የ60 ዓመት ሰው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። አፍተርሎዱ ከፍ ብሎ ስለቆየ ልቡ መጀመሪያ ግድግዳውን በማወፈር ውጥረቱን ያቀልላል። የወፈረው ጡንቻ ግን ተጨማሪ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ በመካከሉም ጠባሳ እያበጀ ይደርቃል። በአንዳንድ ሕመምተኞች ችግሩ እዚህ ላይ ይቆያል፦ ልቡ በደንብ ይኮማተራል፣ ነገር ግን ስለደረቀ በቀላሉ አይሞላም። በዚህ ሰው ግን የመኮማተር አቅሙ ራሱ ወድቆ በአንድ ምት የሚረጨው 45 ሚሊ ሊትር ብቻ ሆኗል እንበል። በደቂቃ 70 ምት ሲሰላ 3 ሊትር ከትንሽ ነው፤ ይህ ለሰውነት አይበቃም።

ማካካሻው የሚጀምረው በሰከንዶች ውስጥ ነው። በአንገትና በአኦርታ ላይ ያሉ ግፊት ጠቋሚ ነርቮች መቀነሱን ያውቁታል፤ አድሬናሊንና መሰሎቹ ይለቀቃሉ፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ስሮች ይጠብባሉ። ኩላሊት በበኩሉ የሚደርሰው ደም ሲያንስ ሬኒን ያመነጫል። ሬኒን አንጂዮቴንሲንን ያስከትላል፣ እሱም አልዶስተሮንን፤ በቀናት ውስጥ ጨውና ውኃ በሰውነት ይጠራቀማል። የደሙ መጠን ስለጨመረ የልብ ክፍሉ አሁን 200 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ በአንድ ምትም 60 ሚሊ ሊትር ይረጫል። በደቂቃ 85 ጊዜ ሲመታ ድምሩ እንደገና 5 ሊትር ይሆናል።

በቁጥር ሲታይ ችግሩ የተፈታ ይመስላል። ይሁንና ልቡ ከያዘው ደም የሚያስወጣው 30 በመቶውን ብቻ ነው፤ በጤናማ ልብ ይህ መጠን ከ55 በመቶ በላይ ነው። በኢኮ ምርመራ የሚታየው ኢጀክሽን ፍራክሽን ይኸው ነው። ከዚያም ማካካሻው ዋጋውን ማስከፈል ይጀምራል። የጠበቡት ደም ስሮችና የሰፋው የልብ ክፍል አፍተርሎድን ይጨምራሉ፤ የደከመ ልብ ደግሞ ለዚህ ሸክም ከጤናማው ይልቅ ስስ ነው። አድሬናሊንና አንጂዮቴንሲን በብዛት ሲቆዩ የጡንቻ ሕዋሳትን ይገድላሉ። ፕሪሎድም ቢጨምር ከተወሰነ ደረጃ በኋላ የሚረጨው ደም አያድግም፤ የሚያድገው ግፊቱ ብቻ ነው።

ይህ ግፊት ወደ ኋላ ተመልሶ ሳንባ ይደርሳል። በሳንባ ቀጫጭን ደም ስሮች ውስጥ በጤና ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ የነበረው ግፊት 25 ሲያልፍ ፈሳሽ ወደ አየር ከረጢቶቹ መስረግ ይጀምራል። ሕመምተኛው ሲጋደም በእግሩ የነበረው ደምና ፈሳሽ ወደ ደረቱ ስለሚመለስ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ትራስ ደራርቦ ይተኛል፣ ሌሊትም ታፍኖ ይነቃል። የቀኙ የልብ ክፍል ሲደክም እግር ያብጣል። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ክብደት መጨመርም የውኃ መጠራቀም ምልክት ነው።

ሕክምናውም ከዚሁ ይነሳል። ፉሮሰማይድ የተጠራቀመውን ውኃ ያስወጣል። ኢናላፕሪል የአንጂዮቴንሲንን መሠራት ይገታል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ በሆነ የስካንዲኔቪያ ጥናት፣ በጠና በታመሙ ሰዎች ላይ በስድስት ወር ውስጥ የነበረውን ሞት ከ44 ወደ 26 በመቶ አውርዷል። የልብን ምት የሚያዘገዩት ቤታ ብሎከሮች ቀድሞ ለደከመ ልብ የተከለከሉ ነበሩ፤ ዛሬ በትንሽ መጠን ተጀምረው ዕድሜ ያራዝማሉ። በአንጻሩ ልብን በኃይል እንዲኮማተር የሚገፋው ሚልሪኖን በ1991 በኪኒን መልክ ለረዥም ጊዜ ሲሞከር ሞትን ጨምሯል። የደከመ ልብ ዕድሜ የሚረዝመው ሸክሙ ሲቀልለት እንጂ ሲነዳ አይደለም።