የታክስ ኦዲት ቃለ መጠይቅ፦ ሹፌሩ ምን ይዞ ይቅረብ፣ ምንስ ይበል?

አይአርኤስ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የአሜሪካ የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤት የአንድን ሰው ሒሳብ ለመመርመር ሲወስን መጀመሪያ የሚልከው ደብዳቤ ነው፤ በስልክ ደውሎ ኦዲት አይጀምርም። ምርመራው በፖስታ በሚደረግ የሰነድ ልውውጥ ብቻ ሊያልቅ ይችላል፤ ግብር ከፋዩ ወደ ቢሮ ሊጠራ ወይም ኦዲተሩ ራሱ ወደ ሥራ ቦታው ሊሄድም ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ወደ ቢሮ ጠርቶ ፊት ለፊት መጠየቅን ነው። ምሳሌው በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚተዳደሩበት ሥራ የተወሰደ ነው፤ በኡበርና በሊፍት የሚሠራ ሹፌር የ2023ን ሒሳብ እንዲያስረዳ ተጠርቷል እንበል።

ደብዳቤው የሚመረመረውን ዓመት፣ የሚመረመሩትን ጉዳዮችና የቀጠሮውን ቀን ይገልጻል። ከእሱ ጋር የሚፈለጉ ሰነዶች ዝርዝር ተያይዞ ይመጣል፤ ዝግጅቱም የሚጀምረው ከዚህ ዝርዝር ነው። ቀኑ ካልበቃ ኦዲተሩ ጋ ደውሎ ሌላ ቀጠሮ መጠየቅ ይቻላል። ዝም ብሎ መቅረት ግን ክፉ ውጤት አለው፤ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ በሙሉ ውድቅ ይደረግና ታክሱ በእጁ ባለው መረጃ ብቻ ይሰላል።

በሹፌር ኦዲት መጀመሪያ የሚነሳው የገቢው ልክ ነው። ኩባንያው 1099-ኬ በሚባለው ቅጽ ለአይአርኤስ የሚያሳውቀው ተሳፋሪዎች የከፈሉትን ጠቅላላ ገንዘብ ነው። ሹፌሩ ባንክ የሚገባለት ግን የኩባንያው ኮሚሽንና ልዩ ልዩ ክፍያዎች ከተቀነሱ በኋላ የሚተርፈው ነው። በምሳሌያችን ቅጹ 61,400 ዶላር ይላል፤ ባንክ የገባው 44,900 ነው። ሹፌሩ በታክስ ማስታወቂያው ላይ ያሰፈረው ባንክ የገባውን ስለሆነ፣ በኦዲተሩ ዓይን 16,500 ዶላር ተደብቋል። ይህን ጥያቄ የሚዘጋው ሹፌሮች ከመተግበሪያው የሚያወርዱት የዓመቱ የታክስ ማጠቃለያ ነው። ኩባንያው ምን ያህል እንደቆረጠ እዚያ ላይ ሰፍሯል። ጠቅላላው 61,400 ገቢ፣ የተቆረጠው 16,500 ደግሞ የሥራ ወጪ ሆኖ ሲጻፍ ልዩነቱ ይጠፋል። አንዳንዶች ግን የተጣራውን ገቢ ጽፈው ኮሚሽኑን ደግሞ እንደ ወጪ ይቀንሱታል፤ ይህ አንዱን ወጪ ሁለት ጊዜ መቀነስ ስለሆነ መከላከያ የለውም።

ሁለተኛውና ብዙውን ጊዜ ከባዱ ማይሌጅ ነው። በ2023 ለሥራ ለተነዳ እያንዳንዱ ማይል 65.5 ሳንቲም መቀነስ ይፈቀድ ነበር። ሹፌሩ 38,000 ማይል ብሎ 24,890 ዶላር ቀንሷል። ለሌሎች አንዳንድ ወጪዎች ሕጉ ተመጣጣኝ ግምት ሊቀበል ይችላል፤ ለመኪና ግን አይቀበልም። የተነዳበት ቀን፣ የማይሉ ብዛት፣ መድረሻውና ምክንያቱ በመዝገብ መታየት አለባቸው። ለማስረጃነት ከሁሉ የሚመረጠው በየዕለቱ የተያዘ መዝገብ ነው። ለኦዲቱ ሲባል በአንድ ሌሊት የተጻፈ ደብተር ከሌላ ሰነድ ጋር ሲተያይ በቀላሉ ይጋለጣል፤ መኪናው ጋራዥ በነበረበት ቀን 180 ማይል ተነዳ የሚል አንድ መስመር የቀረውንም ሁሉ ያሳጣል።

መዝገብ ያልያዘ ሹፌር ከሌላ ሰው እጅ የወጡ ሰነዶችን ማሰባሰብ ይኖርበታል። የኩባንያው ማጠቃለያ መተግበሪያው ክፍት ሆኖ የተነዳውን ማይል ይመዘግባል፤ በምሳሌያችን 31,200 ነው። የዘይት ቅያሪና የምርመራ ደረሰኞች ደግሞ የመኪናውን ቆጣሪ ንባብ ከነቀኑ ይይዛሉ። ጥር መጀመሪያ ላይ 82,300፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ 124,100 ከተነበበ መኪናው በዓመቱ 41,800 ማይል ሄዷል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 38,000ው ለሥራ ከሆነ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለገበያ፣ ለለቅሶና ለሠርግ የቀረው 3,800 ብቻ ነው። ኦዲተሩ «ቤት ውስጥ ሌላ መኪና አለ?» ብሎ የሚጠይቀው ይህን ስለሚያስብ ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው፣ አስቤዛ የሚያመጣው ይኸው አንድ መኪና ከሆነ የ38,000ው ቁጥር አይቆምም። በተጨማሪም መተግበሪያው ሳይከፈት ከቤት እስከ ሥራው አካባቢ የሚነዳው መንገድ በተለምዶ የግል ጉዞ ተብሎ ይያዛል። ስለዚህ ሹፌሩ በ31,200 ማይል ላይ መቆም ይሻለዋል፤ ይህም 20,436 ዶላር ነው። ማይሉን በዚህ ተመን የቀነሰ ሰው ነዳጅ፣ ጥገናና ኢንሹራንስ ለብቻው መቀነስ አይችልም፤ ተመኑ እነሱን ያጠቃልላልና።

ሦስተኛው የባንክ ሒሳብ ነው። ኦዲተሩ በዓመቱ ውስጥ ወደ ሹፌሩ ሒሳቦች የገባውን ገንዘብ ሁሉ ደምሮ ከታክስ ማስታወቂያው ጋር ሊያስተያይ ይችላል። ምንጩ ያልተብራራ ገቢ ታክስ የሚከፈልበት ገቢ ይመስለዋል። ኢትዮጵያውያን ላይ ከባድ ጥርጣሬ ከሚያመጡት አንዱ እቁብ ነው። በሰኔ ወር በአንድ ጊዜ 12,000 ዶላር የገባለት ሰው እቁቡ ደርሶት ይሆናል፤ እቁብ ሰምቶ ለማያውቅ ኦዲተር ግን ይህ ያልተነገረ ገቢ ነው። እቁቡ ገቢ አለመሆኑን የሚያሳየው ከዚያው ባንክ በየወሩ የወጣው መዋጮ ነው። የአባላቱ ስምና ተራ የተጻፈበት ዝርዝር፣ የእቁቡ ጸሐፊ ፈርሞ የሚሰጠው አጭር መግለጫ፣ መዋጮው የተላከባቸው የክፍያ ማረጋገጫዎች አንድ ላይ መያያዝ አለባቸው። ከወዳጅ የተበደሩት ገንዘብ፣ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው የተዛወረ፣ ለለቅሶ የተሰበሰበ፣ እያንዳንዱ ምንጩ በጎኑ ተጽፎ ማስረጃው ሊከተለው ይገባል። በጥሬ ገንዘብ የተቀበሉት ጉርሻ ግን ገቢ ነው፤ በሌላ ስም ሊጠራ አይችልም።

ሰነዶቹ በኦዲተሩ ዝርዝር ቅደም ተከተል ተደርድረው፣ ከፊታቸው ድምሩን የሚያሳይ አንድ ገጽ ቢኖር መልካም ነው። የሚሰጠው ቅጂ እንጂ ዋናው አይደለም። በከረጢት ታጭቆ የመጣ የደረሰኝ ክምር ኦዲተሩን ራሱ ፈላጊ ያደርገዋል፤ ሲፈልግም ያልተጠየቀበትን ነገር ሊያገኝ ይችላል።

ሹፌሩ ብቻውን የመቅረብ ግዴታ የለበትም። ጠበቃ፣ ሰርቲፋይድ አካውንታንት ወይም አይአርኤስ ፈቃድ የሰጠው የታክስ ባለሙያ በ2848 ቅጽ ውክልና ከተሰጠው በመጥሪያ ካልታዘዘ በቀር ሹፌሩ ሳይገኝ ሊወክለው ይችላል። ብቻውን የገባ ሰውም በመካከል ባለሙያ ማማከር እንደሚፈልግ በግልጽ ከተናገረ ቃለ መጠይቁ እንዲቋረጥ ሕጉ ይደነግጋል። ከ10 ቀን በፊት በጽሑፍ ካሳወቀ ንግግሩን በድምፅ መቅዳት ይፈቀድለታል። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው በነፃ ወይም በጥቂት ክፍያ የሚያግዙ የታክስ ክሊኒኮች አሉ፤ እንግሊዝኛ ለሚያስቸግራቸውም መብታቸውን ያስረዳሉ። ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ መውሰድ ግን አይመከርም። «ግምት» እና «መዝገብ» የሚሉት ቃላት ሲምታቱ የሚጎዳው አባቱ ነው።

ቃለ መጠይቁ ሥራው መቼ እንደተጀመረ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ታክሱን ማን እንዳዘጋጀው በመጠየቅ ለስለስ ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ጥሬ ገንዘብ፣ ሌላ ገቢ፣ የወር የቤት ወጪ፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ፣ በውጭ አገር ያለ የባንክ ሒሳብ ይከተላሉ። የቤት ወጪው የሚጠየቀው ካስታወቀው ገቢ ጋር እንዲነጻጸር ነው። በዓመት 20,010 ዶላር አተረፍኩ ያለ ሰው የቤት ኪራይና ወደ ቤተሰብ የሚልከው ብቻ 30,000 ከሆነ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል። ባለቤቱ ትሠራ ከነበረ ያንን ማስረዳት በቂ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ስሌት ግን ከቀጠሮው በፊት ቤት ውስጥ መሠራት አለበት።

መልሱ አጭር፣ እውነተኛና በተጠየቀው ልክ መሆን አለበት። «መዝገብ ይዘው ነበር?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ «በየዕለቱ አልያዝኩም፤ የኩባንያው ማጠቃለያና የቆጣሪ ንባቦች ግን እነዚህ ናቸው» ነው። የማያስታውሱትን «አሁን አላስታውስም፤ አይቼ በጽሑፍ እመልሳለሁ» ማለት ይቻላል፤ ቃል የተገባውን ግን በቀኑ ማድረስ ያስፈልጋል። ዝምታውን ለመሙላት ሲባል ስለ ሌላ ዓመት ወይም ስለ ጓደኛ ሒሳብ ማውራት አዲስ ጥያቄ ይወልዳል። «ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው» ማለት ለሹፌሩ የሚጠቅመው የለም። «ታክስ ሠሪው ነው የጻፈው» የሚለውም ብቻውን አያድንም፤ የፈረመው ግብር ከፋዩ ስለሆነ ተጠያቂው እሱ ነው።

ስህተትና ውሸት በሕግ ፊት ይለያያሉ። ማይል አብዝቶ የቀነሰ ሰው ታክሱን፣ ወለዱንና እንደ ሁኔታው 20 ከመቶ ቅጣት ይከፍላል። ኦዲተሩን ሆን ብሎ የዋሸ ወይም ሐሰተኛ ደረሰኝ ያቀረበ ግን በወንጀል ሊከሰስ ይችላል። ሆን ብሎ የተደበቀ ገቢ ወይም ሳይታወቅ የቀረ የውጭ ሒሳብ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ጠበቃ ማነጋገር አለበት። ለታክስ አዘጋጅ የተነገረ ምስጢር በወንጀል ጉዳይ ጥበቃ የለውም፤ ለጠበቃ የተነገረው ግን አለው።

በምሳሌያችን ሹፌሩ ባዶ እጁን ቢቀርብ 16,500ው ገቢ፣ 12,000ው እቁብና የመኪናው 24,890 ተደምረው ታክስ የሚከፈልበት ገቢው በ53,390 ዶላር ሊጨምር ይችል ነበር። ሰነዶቹን አሟልቶ በማቅረቡ የጨመረው የማይሉ ልዩነት፣ ማለትም 4,454 ዶላር ብቻ ነው።

ኦዲተሩ ሲጨርስ ያደረገውን ለውጥ በጽሑፍ ይሰጣል። ያልተስማማ ሰው እዚያው እንዲፈርም አይገደድም። አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን የሚሰጥ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ በዚያ ውስጥ ለይግባኝ ክፍሉ ማመልከት ይችላል። ካልተስማሙ የሚመጣው ሌላው ማስታወቂያ ለታክስ ፍርድ ቤት አቤቱታ ለማቅረብ 90 ቀን ይሰጣል፤ አይአርኤስ ይህን ቀን ማራዘም አይችልም። በእነዚህ 90 ቀናት አቤቱታውን ያቀረበ ሰው ታክሱን አስቀድሞ ሳይከፍል ይከራከራል፤ ቀኑ ያለፈበት ግን በአብዛኛው መጀመሪያ ከፍሎ፣ ከዚያ ተመላሽ ለመጠየቅ ይገደዳል።