ሳይቆረጥ የሚሄድ፣ ስሎፕ ግን የሌለው መስመር

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 18 ቀን 1872 ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ቫየርሽትራስ በርሊን በሚገኘው የሳይንስ አካዳሚ አንድ እንግዳ መስመር አቀረበ። መስመሩ የትም ቦታ አይቆረጥም፤ ከአንድ ከፍታ ወደ ሌላው ዘሎ አይሄድም። ይሁንና ከነጥቦቹ አንዱ እንኳ ስሎፕ የለውም።

ይህ በዘመኑ ለነበሩ ብዙዎች የሚዋጥ አልነበረም። ፈረንሳዊው አምፔር በ1806 ያልተቆረጠ መስመር ከጥቂት ነጥቦች በስተቀር በሁሉም ቦታ ስሎፕ እንዳለው ለማረጋገጥ ሞክሮ ነበር። በእጅ የተሣለ መስመርን ያየ ሰውም ከዚህ የተለየ ነገር አይጠብቅም። እዚህም እዚያም ማዕዘን ሊኖረው ይችላል፤ በማዕዘኖቹ መካከል ግን ለስላሳ ሆኖ ይሄዳል።

ስሎፕ የዳገት ልክ ነው። ሽቅብ የወጡት ከፍታ ወደ ጎን ለተጓዙት ርቀት ሲካፈል ይገኛል፤ ቁልቁል ከሆነ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ይሆናል። መንገዱ ቀጥ ያለ ካልሆነስ? ያን ጊዜ የተፈለገውን ነጥብ መካከላቸው ያደረጉ ሁለት ቦታዎች ይመረጡና የሁለቱ ስሎፕ ይሰላል። ከዚያ ቦታዎቹን እያቀራረቡ ስሌቱን መድገም ነው። ውጤቱ 2.1፣ 2.01፣ 2.001 እያለ ከሄደ የነጥቡ ስሎፕ 2 ነው ይባላል። ቁጥሮቹ የትም ካልረጉ ነጥቡ ስሎፕ የለውም።

የቫየርሽትራስ መስመር በሞገዶች ድምር የተሠራ ስለሆነ ስሌቱ ከበድ ይላል። በ1903 ግን ጃፓናዊው ቴጂ ታካጊ በወረቀትና በእርሳስ ሊከተሉት የሚቻል ሌላ ምሳሌ አሳተመ።

የታካጊን መስመር ከድንኳኖች መሥራት ይቻላል። መጀመሪያ ከ0 እስከ 1 ባለው ወለል ላይ አንድ ድንኳን ይተከላል፤ ጫፉ መሐል ላይ ሲሆን ከፍታው ግማሽ ነው። ግራ ጎኑ በ1 ስሎፕ ይወጣል፤ ቀኝ ጎኑ በኔጌቲቭ 1 ይወርዳል። ለሁለተኛው ረድፍ በዚያው ወለል ላይ ሁለት ድንኳኖች ይተከላሉ፤ ስፋታቸውም ከፍታቸውም የመጀመሪያው እኩሌታ ነው። ሦስተኛው ረድፍ አራት፣ አራተኛው ስምንት ድንኳኖች ይኖሩታል። እንዲህ እያለ ያለ ማብቂያ ይቀጥላል። በመጨረሻም በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሁሉም ረድፎች ከፍታ ይደመራል፤ ድምሩ የታካጊ መስመር ነው።

መስመሩ የማይቆረጠው የድንኳኖቹ ከፍታ በፍጥነት ስለሚያንስ ነው። ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ እያለ ይወርዳል። አሥር ረድፎች ከተደመሩ በኋላ የቀሩት ረድፎች በሙሉ ተባብረው እንኳ መስመሩን ከ1/1024 በላይ ከፍ ሊያደርጉት አይችሉም። መስመሩን የሚዘልል ነገር ሊሠራ የሚችል ጉልበት አልተረፈም።

ስሎፑ ግን ሌላ ታሪክ አለው። የድንኳኑ ከፍታ በግማሽ ሲቀንስ ስፋቱም በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጎኑ እንደ መጀመሪያው ድንኳን ጎን ቀጥ ያለ ዳገት ሆኖ ይቀራል። መቶኛው ረድፍ ላይ ያለው ድንኳን በዓይን የማይታይ ኢምንት ቢሆንም ጎኖቹ አሁንም በ1 ይወጣሉ፣ በ1 ይወርዳሉ። ከፍታው ያልቃል፤ ዳገቱ አያልቅም።

አንድ ነጥብ ይዞ ማየት ይቻላል፤ 1/3 ይሁን። ከ0 እስከ 1/2 ባለው ክፍል መስመሩ ከ0 ተነሥቶ 1/2 ይደርሳል፤ ስሎፑ 1 ነው። ክፍሉ ሲጠብና ከ1/4 እስከ 1/2 ሲሆን ሁለቱም ዳር 1/2 ከፍታ ላይ ናቸው፤ ስሎፑ 0 ሆነ። ከ1/4 እስከ 3/8 ሲጠብ ከፍታው ከ1/2 ወደ 5/8 ይወጣል፤ ስሎፑ ተመልሶ 1 ነው። ከ5/16 እስከ 3/8 ሲሆን ሁለቱም ዳር 5/8 ላይ ስለሆኑ እንደገና 0። ወደ 1/3 የቱንም ያህል ቢቀርቡ ቁጥሮቹ 1፣ 0፣ 1፣ 0 እያሉ ይመላለሳሉ።

በ0 ላይ ደግሞ አመሉ ይለወጣል። ከ0 እስከ 1/2 ስሎፑ 1፣ እስከ 1/4 ሲጠብ 2፣ እስከ 1/8 ሲጠብ 3 ነው። እስከ 1/1024 ሲደርስ 10 ሆኗል፤ ከዚያም ማደጉን አያቆምም።

ሁለቱን ነጥቦች የሚያዛምዳቸው አንድ ምክንያት አለ። ክፍሉ በግማሽ በጠበበ ቁጥር አንድ አዲስ ረድፍ በስሌቱ ውስጥ ይገባል። ያ ረድፍ በክፍሉ ውስጥ ወይ ሽቅብ ወይ ቁልቁል ነው፤ ስለዚህ በቀድሞው ስሎፕ ላይ ወይ 1 ይጨምራል ወይ 1 ይቀንሳል። የትኛውም ነጥብ ቢመረጥ ከዚህ አያመልጥም። በየእርምጃው በሙሉ 1 የሚለወጥ ቁጥር ደግሞ ወደ አንድ ቦታ ሊረጋ አይችልም።

ጥፋቱ የድንኳኖቹ ሹል ጫፍ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። እንዳልሆነ የሚያሳይ ሙከራ አለ። እነዚያኑ ድንኳኖች እንደገና ይተከሉ፤ አሁን ግን ከፍታቸው ከረድፍ ረድፍ በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይቀንስ። የጎኖቹ ስሎፕ 1፣ 1/2፣ 1/4 እያለ ያንሳል። በ1/3 ላይ 1 ሲቀነስ 1/2፣ ሲደመር 1/4፣ ሲቀነስ 1/8 እያለ ሄዶ 2/3 ላይ ይረጋል። ሹል ጫፎቹ ሁሉ ተደምረው የሚሰጡትም ከላይ የተወረወረ ድንጋይ የሚሄድበትን ዓይነት ለስላሳ ቅስት፣ ፓራቦላን ነው። ልዩነቱን ያመጣው ጫፉ ሳይሆን የትንንሾቹ ድንኳኖች ዳገት መድከሙ ወይም አለመድከሙ ነው።

የታካጊን መስመር በኮምፒውተር የሚሥል ሰው እዚህ ላይ ሊታለል ይችላል። ኮምፒውተሩ የሚደምረው ውሱን ረድፎችን ብቻ ነው። አሥር ረድፍ ተደምሮ የተሠራው ሥዕል ከእውነተኛው በዓይን አይለይም፤ በጣም ሲያጎሉት ግን ቀጥ ያሉ አጫጭር መስመሮች ብቅ ይላሉ። እነዚያ ቀጥታዎች የመስመሩ ጠባይ ሳይሆኑ ስሌቱ የቆመበት ቦታ ምልክት ናቸው። ሃያኛው ረድፍ ሲጨመር ይሰበራሉ።

ተመሳሳይ ችግር ቤተ ሙከራ ውስጥም ገጥሟል። ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ብናኞች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ያለ ዕረፍት ይቅበዘበዛሉ። ፍጥነታቸውን ለመለካት የሞከሩ ሰዎች የሚያገኙት ቁጥር በሁለት ምልከታዎች መካከል ባለው ጊዜ ላይ የተመረኮዘ ነበር፤ ጊዜውን ሲያሳጥሩት ፍጥነቱ ይለወጣል። ፍጥነት የጉዞ ስሎፕ ነውና። አንስታይን በ1905 ፍጥነቱን ትቶ ብናኙ በተወሰነ ጊዜ ከተነሣበት ምን ያህል እንደሚርቅ አሰላ፤ ፈረንሳዊው ዣን ፔሬንም ያንን በመለካት አረጋገጠው። ፔሬን በ1913 ባሳተመው መጽሐፉ የብናኞቹ መንገድ የሒሳብ ሰዎችን ስሎፕ አልባ መስመሮች እንደሚያስታውስ ጽፏል። የእውነተኛው ብናኝ መንገድ እጅግ አጭር በሆነ ጊዜ ውስጥ ለስላሳ ይሆናል። በኖርበርት ቪነር የሒሳብ ሞዴል ውስጥ ያለው መንገድ ግን አይለሰልስም፤ ፔሊ፣ ቪነርና ዚግመንድ በ1933 እንዳረጋገጡት የትም ነጥብ ላይ ስሎፕ የለውም።